«መረጃ» ብቻ ብሎ ለጻፈ ደንበኛ ምን ብለን እንመልስ

እንደምን ዋላችሁ! ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዓይነት ኢሜይል ነው፣ ሁላችሁም ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ትከፍቱታላችሁ፣ ሰላምታ የለ ስም የለ፣ «መረጃ» ይላል በቃ።

ብዙዎቻችን «የምን መረጃ?» ብለን እንመልሳለን፣ ወይ ደሞ ያለንን ካታሎግ በሙሉ አታች አድርገን እንልካለን። «የምን መረጃ?» ስትሉት ሰውየው ዝም ይላል፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ቢያውቅማ መጀመሪያውኑ ይጽፈው ነበር። ካታሎጉን ደሞ በስልኩ ከፍቶ ሃያ ገጽ የሚያገላብጥ የለም፣ ትልቅ ፋይል ስለሆነም ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከመመለሳችሁ በፊት ግን ከየት እንደመጣ እዩ። ከዌብሳይታችሁ ፎርም ከሆነ አንዳንዱ ፎርም ሰውየው የትኛው ገጽ ላይ ሆኖ እንደጻፈ ያሳያል፣ ግማሹ መልስ እዛው ነው። በፎርም ሳይሆን በቀጥታ የመጣ ኢሜይል ሆኖ የላኪው አድራሻና ሪፕላይ ስትሉ የሚመጣው አድራሻ ከተለያዩ ደሞ ጠርጥሩ፣ እንዲህ ዓይነት ባለ አንድ ቃል ኢሜይል አድራሻው እንደሚሰራ ለማጣራት ብቻ የሚልኩ አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ላይ ዌብሳይት ላይ የማትለጥፉትን ነገር አትጻፉ፣ የባንክ አካውንት ምናምን ይቆይ።

እስቲ ማተሚያ ቤት አለን እንበል፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምመልሰው፦

«ሰላም፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። እኛ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነርና መጽሐፍ እናትማለን። የፈለጉት የቱን ነው? 1 ካርድ፣ 2 ባነር፣ 3 መጽሐፍ፣ 4 ሌላ። ቁጥሩን ብቻ ቢልኩልን ዋጋውንና የሚፈጀውን ጊዜ እንነግርዎታለን። መደወል ከቀለለዎት ስልካችን ከታች አለ።»

ከዛ የሚጽፈው ሰው ስም፣ የድርጅቱ ስም፣ ስልክ፣ አለቀ። ጥያቄው አንድ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ፣ መጠኑን ቀለሙን ለመቼ እንደሚፈልገው አብራችሁ ከጠየቃችሁት አንዱንም አይመልስላችሁም፣ አንድ ቃል የጻፈ ሰው ግን አንድ ቁጥር ይጽፋል። «ሌላ» የሚለውም ይኑር፣ ሥራ ፈልጎ ወይ አድራሻችሁ ጠፍቶበት የጻፈ ሊሆን ይችላል፣ እሱም በአራት ቁጥር ይመጣል። ወንድ ይሁን ሴት ስለማታውቁ «እርስዎ» በሉ፣ «ወንድሜ» ብላችሁ ሴት ብትሆንስ?

ሰብጀክቱን አትቀይሩ፣ ጂሜይል ላይ ሰብጀክት ሲቀየር አዲስ ኢሜይል ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሰውየው የራሱ ጥያቄ መልስ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። «2» ብሎ ከመለሰ ያኔ ስለ ባነር ብቻ ጻፉለት፣ መጠኑንም ያኔ ጠይቁት። ዝም ካለ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ እዛው ኢሜይል ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ከዛ በኋላም ዝም ካለ ተዉት።