ቦሎቄው ሆዳችንን ለምን ይነፋል?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ሁላችንም የምናውቀውን፣ ግን ማንም ጮክ ብሎ የማያነሳውን ጉዳይ ነው። ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። እኛ ደግሞ ዝላዩን ለጊዜው ትተን ፈሱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። መሳቅ ይፈቀዳል፤ እኔም ንግግሩን ሳዘጋጅ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ቦሎቄ በበላችሁ ቀን ሆዳችሁ መነፋት የሚጀምረው መቼ ነው? ገና እየበላችሁ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ምሳ ላይ የበላ ሰው አመሻሹ ላይ ቀበቶውን ማላላት ይጀምራል። ይህች መዘግየት ብዙ ትነግረናለች። ምግቡ ጨጓራን አልፎ፣ ትንሹን አንጀት ጨርሶ፣ ትልቁ አንጀት እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ጋዙ የሚሠራው እዚያ ነው።

ቦሎቄ ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ የስኳር ዓይነቶች አሉ። አንዱ ስኳር ከሌላው ጋር እንደ ሰንሰለት ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። ይህን ሰንሰለት የሚቆርጠው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ የሰው ትንሹ አንጀት ደግሞ ይህን ኢንዛይም አያመነጭም። የእኔም፣ የእናንተም፣ "ሆዴ ብረት ነው" የሚለው ሰውዬም አያመነጭም። ስለዚህ ስኳሩ ሳይፈጭ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን መቀሱ አላቸው። ቆርጠው ይበሉታል፣ ሲበሉ ደግሞ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሚቴንም ይጨመራል። እነዚህ ሦስቱ ሽታ የላቸውም። የሚያሳፍረን ሽታ የሚመጣው በጣም ጥቂት ከሆኑ ድኝ ያለባቸው ጋዞች ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። እነዚህ ስኳሮች ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ። እሳት ግን በቀላሉ አይሰብራቸውም። ስለዚህ ከቦሎቄው ወጥተው ወደ ውሃው ይገባሉ፣ ውሃው ሲደፋ ደግሞ አብረው ይሄዳሉ። ውሃው ካልተደፋ የትም አልሄዱም ማለት ነው።

አንድ የማውቀው ሰው ቦሎቄውን ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት ያንኑ ውሃ ይዞ ይቀቅለዋል፣ ከዚያ "መዘፍዘፍ ምንም አይሠራም፣ ሞክሬዋለሁ" ይላል። ለምን አትደፋውም ስለው ቪታሚኑ እንዳይጠፋ ነው አለኝ። ልክ ነው፣ ከውሃው ጋር ጥቂት ቪታሚንና ማዕድን ይሄዳል። ግን ሆዱን የሚነፋውን ስኳር መልሶ እየጠጣ ነው። ትንሽ ቪታሚን ጠፍቶ ሰውየው ቦሎቄ መብላቱን ቢቀጥል እኔ ይሻላል እላለሁ።

እስቲ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ይዘን እንሥራው። መጀመሪያ ጠጠሩንና የተሰባበረውን ለቅማችሁ እጠቡት። ይህ እጥበት አቧራውን ብቻ ነው የሚወስደው፤ ስኳሩ ያለው ውስጥ ስለሆነ ደረቁን ፍሬ አሥር ጊዜ ብታለቀልቁት ለጋዙ ለውጥ የለውም። ከዚያ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፉት። ቤቱ በጣም የሚሞቅ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ አለበለዚያ መኮምጠጥ ይጀምራል። ጊዜ ከሌላችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ አፍልታችሁ፣ ከእሳት አውርዳችሁ፣ ከድናችሁ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ተዉት። ሙቅ ውሃ ልጣጩን ቶሎ ስለሚያልፈው ስኳሩን በደንብ ያወጣል።

ሲነሳ ውሃው ደፍርሶ፣ አንዳንዴም አረፋ ይዞ ታገኙታላችሁ። ድፉት። ማለቅለቅ ቁም ነገር የሚሆነው አሁን ነው፤ ፍሬው ላይ የቀረው ፈሳሽ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁና በአዲስ ውሃ ጣዱት። የታሸገ የቆርቆሮ ቦሎቄ ከሆነም እንደዚሁ ነው። ያ ወፍራም ፈሳሽ ከፍሬው የወጣው ነገር ስለሆነ በወንፊት አጥልላችሁ በቧንቧ ውሃ አለቅልቁት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ጨውንም ይቀንሳል።

ወደ ማብሰሉ ስንመጣ አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ቀልድ የለበትም። ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ በደንብ ካልፈላ ሰው የሚያስመልስ መርዝ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፤ ሠላሳ ቢሆን ይበልጥ ያስተማምናል። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን ጨምሮ መሄድ አደገኛ ነው። ከበሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ ማስመለስ ከመጣ እሱ ጋዝ አይደለም።

ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ፍሬው ያረጀ ከሆነ ከዚያም በላይ ይብሰል። እሳት ስኳሩን አይሰብርም ካልኩ ረጅም ማብሰል ምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ ስኳሩ ወደ ውሃው የሚወጣበት ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ቦሎቄ ውስጥ ብዙ ስታርች አለ፤ በደንብ ሲበስል አብዛኛውን ትንሹ አንጀት ይፈጨዋል፣ ግማሽ ጥሬ ሲሆን ግን ብዙው አምልጦ ለባክቴሪያዎቹ ተጨማሪ ግብዣ ይሆናል። መብሰሉን በአንድ ፍሬ አትፍረዱ። አምስት ከተለያየ ቦታ አውጡና በምላስና በላንቃ መካከል ጨፍልቋቸው። ጥርስ የሚፈልግ አንድ ከተገኘ ይቀጥል። ቲማቲምና ሎሚ መጨረሻ ላይ ይግቡ፣ አሲድ ፍሬውን አልለሰልስም ያሰኘዋል። የተቀቀለበትን ውሃ መድፋት ወይ ማስቀረት በእናንተ ነው። እኔ ጣዕሙን ስለምወድ አስቀረዋለሁ፣ ቦሎቄ ገና ለሚለምድ ሰው ግን ድፋው እላለሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጋዙ ዜሮ አይሆንም። ቀሪው ሥራ የአንጀታችሁ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ሰዎች በየቀኑ ግማሽ ኩባያ ቦሎቄ ለሳምንታት ሲበሉ ምን እንደሚሆን ተመልክቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ጋዝ ጨመረብኝ ያለው ግማሽ ያህሉ ሲሆን፣ ሳምንታት ሲያልፉ ግን ቅሬታው እየቀነሰ ሄደ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ምንም አልተሰማውም። ለወራት ሳይበሉ ቆይቶ በአንድ ቀን ጥልቅ ሳህን ሙሉ መብላትና "ለእኔ አይስማማኝም" ብሎ መደምደም ትክክለኛ ሙከራ አይደለም። በሦስት የሾርባ ማንኪያ ጀምሩ፣ ቀን ቀን እየዘለላችሁ። ሳምንት ከሄደ በኋላ ሆዳችሁ ዝም ካለ እጥፍ አድርጉት፣ ከተቆጣ እዚያው ቆዩ። በአንድ ወር አካባቢ ግማሽ ኩባያ ብትደርሱ ጥሩ ሄዳችኋል። ቸኩሎ ለሚፈልግ ያ የጎደለን ኢንዛይም በእንክብል ይሸጣል፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው የሚዋጠው፣ ሆድ ከተነፋ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም።

ትንሽ ቦሎቄ እንኳን ኃይለኛ ቁርጠት የሚያመጣባችሁ፣ ክብደት የምትቀንሱ ወይም ሰገራ ላይ ደም የምታዩ ከሆነ የእኔን የመዘፍዘፊያ ሰዓት ተዉና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሌሎቻችሁ ዛሬ ማታ ልትዘፈዝፉ ትችላላችሁ። ነገ ረጅም ስብሰባ ያለባችሁ ግን ቅዳሜን ጠብቁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፣ የሚያፍር በወረቀት ይላክልኝ።