ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ስላይድ፦ ስምና ስልክ ቁጥር እንዳይገለባበጡ

[በስክሪኑ ላይ፦ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ ዐረብኛ ያለበት ስላይድ]

ተራኪ፦ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ግሽ ዓባይ ለዐረብኛ ተናጋሪ ጎብኚዎች የሚያስረዳ ስላይድ በባሕር ዳር እየተዘጋጀ ነው እንበል። በዐረብኛው በኩል ያለው ዓረፍተ ነገር «ትገኛለች» በሚል ግሥ ይጀምርና «በጣና ሐይቅ ዳር» በሚል ያበቃል፤ ጎብኚው በመንገድ ላይ ታፔላ ሲያይ እንዲለየው ደግሞ «ባሕር ዳር» የሚለው ስም በግእዝ ፊደል ተጽፎ በመካከሉ ገብቷል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቶ]

አዘጋጁ ጽሑፉን ወደ ቀኝ ጠርዝ ማስጠጋቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታው ይለወጣል እንጂ የአንቀጹ አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ግሡ በግራ፣ ስሙ በመካከል፣ መጨረሻው በቀኝ ስለሚቀመጥ፣ ከቀኝ የሚጀምረው አንባቢ «በጣና ሐይቅ ዳር ባሕር ዳር ትገኛለች» ብሎ ከመጨረሻው ይነሣል። እያንዳንዱ የዐረብኛ ቃል ለብቻው ትክክል ስለሚመስል ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ስሕተቱን አያየውም። ሆኖም አንድ አስተማማኝ ምልክት አለ፦ የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ነጥብ በግራ ጫፍ መሆን ሲገባው በቀኝ ጫፍ፣ ከመጀመሪያው ቃል ፊት ይታያል።

በፓወርፖይንት ውስጥ አንቀጹን መርጠን፣ `Home` በሚለው ገጽ `Paragraph` ከተባለው ክፍል ከቀኝ ወደ ግራ የሚያስጽፈውን አዝራር እንጫናለን። አዝራሩ ካልታየ ዐረብኛ በፕሮግራሙ የማረሚያ ቋንቋዎች ውስጥ መጨመር አለበት።

[በስክሪኑ ላይ፦ +251 58 000 1234፣ ለምሳሌ ብቻ]

አቅጣጫው ከተስተካከለ በኋላም ስልክ ቁጥሩ ሊበላሽ ይችላል፤ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውም ይህንን ነው። ከዐረብኛ ቃል በኋላ የተጻፈ ቁጥር በውስጡ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ በክፍተት የተለያዩት የቁጥር ክፍሎች ግን እንደ ዐረብኛ ቃላት ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራሉ። ስለዚህ የሚታየው ይህ ይሆናል፦

```
1234 000 58 251+
```

ይህን የደወለ ጎብኚ ማንንም አያገኝም። መፍትሔው ከመደመር ምልክቱ በፊት በዩኒኮድ U+200E የተባለውን፣ በዓይን የማይታይ የግራ-ወደ-ቀኝ ምልክት ማስገባት ነው። በዊንዶውስ ላይ በማይክሮሶፍት ወርድ `200E` ጽፈን ወዲያው `Alt+X` ስንጫን ምልክቱ ይገባል፤ ከምልክቱ ቀጥሎ ቁጥሩን ጽፈን ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ስላይዱ እንገለብጣለን።

ምልክቱ ስለማይታይ ሌላ ሰው ቁጥሩን ሰርዞ እንደገና ሲጽፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስላይዱ በብዙ እጅ የሚያልፍ ከሆነ ቁጥሩን ከዐረብኛው ነጥሎ፣ አቅጣጫው ከግራ ወደ ቀኝ በሆነ የራሱ የጽሑፍ ሳጥን ማስቀመጥ ይሻላል። ወደ ፒዲኤፍ ከተለወጠ በኋላም ነጥቡ በግራ ጫፍ፣ +251 ደግሞ በቁጥሩ ግራ ጫፍ መሆናቸው መታየት አለበት።