ኦዲተሩን ከሰኔ 30 በፊት አስፈርሙት

ጤና ይስጥልኝ። የተከበራችሁ የገላንና የአካባቢዋ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ የሂሳብ ባለሙያዎች፣ እንግዶቻችን። ከምሳ በፊት የተመደብኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አላስረዝምም።

አዲስ ኦዲተር ስትቀጥሩ አንድ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። እኛ ኦዲተሮች ኢንጌጅመንት ሌተር እንለዋለን። የሥራው ወሰን፣ የማን ኃላፊነት ምን እንደሆነና ክፍያው ይጻፍበታል። ብዙ ጊዜ ዋጋው ያለበት ገጽ ብቻ ይነበባል። ትንሽ ክርክር ይደረጋል፤ ከዚያ ማኅተም ይመታል። ጠብ የሚመጣው ግን ካልተነበበው ገጽ ነው።

ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ ቁጥር 210 በዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ግልጽ ነው። የድርጅቱ አመራር ሦስት ነገሮችን ካልተቀበለ ሥራውን መያዝ የለብንም። የሂሳብ መግለጫውን የሚያዘጋጀው አመራሩ ነው። ማጭበርበርና ስህተት እንዳይገባ የውስጥ ቁጥጥር የሚዘረጋውም እሱ ነው። ሰነዱንም ሠራተኛውንም ሳይከለክል ለኦዲተሩ ክፍት ያደርጋል። «ሂሳቡን እናንተው ሠርታችሁ ፈርሙልን» የሚለን ደንበኛ አይጠፋም። ራሳችን የሠራነውን ሂሳብ ራሳችን ብንመረምር ፊርማችን ምን ዋጋ አለው?

ወሰኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ዱቄት ፋብሪካ እንውሰድ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ባለቤቱ ባንክ ለብድር ኦዲት ሪፖርት ሲጠይቀው በጥቅምት ወደ እኛ ይመጣል። መዝገቡ ሰኔ 30 ላይ 5,800 ኩንታል ስንዴ በመጋዘን ነበር ይላል። ቆጠራው ሲካሄድ እኛ አልነበርንም። ስንዴውም ተፈጭቶ ተበልቷል።

ምን እናደርጋለን? አሁን ያለውን እንቆጥራለን፤ 4,000 ኩንታል አገኘን እንበል። ከሐምሌ ወዲህ የገባውን 6,000 እንቀንሳለን፤ ለወፍጮ የወጣውን 7,500 እንደምራለን። ሰኔ 30 ላይ መኖር የነበረበት 5,500 ኩንታል ሆነ። 300 ኩንታል ጎደለ ማለት ነው። ስርቆት ሊሆን ይችላል፤ ያልተመዘገበ ወጪ ወይም የሚዛን ስህተትም ሊሆን ይችላል። ይህን መመርመር የሚቻለው የገቢና የወጪ ቫውቸሩ በተከታታይ ቁጥር ከተያዘ ብቻ ነው። መጋዘን ጠባቂው በደብተር ጥግ እየጫረ ከሆነ ወደ ኋላ መቁጠሩ አይሠራም። ያኔ ሪፖርታችን «ከስንዴው ክምችት በስተቀር» ይላል። ባንኩ ደግሞ ያችን «በስተቀር» ፈልጎ ያነባታል።

አዲስ ደንበኛ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። የዓመቱ መነሻ ክምችትም ትርፉን ይነካል። እሱን ለማረጋገጥ የቀድሞው ኦዲተር ፋይል ያስፈልገናል። ስለዚህ ጥሩ ደብዳቤ ሁለቱንም ቀድሞ ይናገራል፦ ቆጠራው ላይ አልተገኘንም፤ የቀድሞውን ኦዲተር እንድናነጋግር ፈቅዳችሁልናል። ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ በጥር ስንጣላ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ፊታችሁ ላይ እያየሁት ነው። ክፍያው 300,000 ብር ነው እንበል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 45,000 ይጨምርና 345,000 ይሆናል። ታክሱ በዋጋው ውስጥ ይሁን ከላዩ፣ በግልጽ አስጽፉ። ከዚያ ተጨማሪ ሥራ በሰዓት ስንት እንደሚከፈልና ምን ሲሆን እንደሚታሰብ ጠይቁ። ሰነዱ በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀርቶ ቡድናችን ተመልሶ ቢመጣ፣ ያ ወጪ የማን ነው? እኔ የማየው አብዛኛው የክፍያ ንትርክ ከዚህች አንቀጽ ይጀምራል።

«ብድሩ ከተፈቀደ እጥፍ እንከፍላችኋለን» የሚለንም አለ። ክፍያን ከውጤት ጋር ማሰር በኦዲት ሥራ ክልክል ነው። እንዲህ የሚስማማላችሁ ኦዲተር ካገኛችሁ፣ ሪፖርቱን ለባንኩ ከማሳየታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።

አሁን ግንቦት ላይ ነን። ሰኔ 30 ቆጠራ ላይ መጋዘናችሁ ውስጥ እንድንገኝ ከፈለጋችሁ፣ ደብዳቤው ከዚያ በፊት ይፈረም። የመጋዘኖቹ ቦታ፣ የቆጠራው ሰዓትና በዚያ ቀን ዕቃ እንዳይገባና እንዳይወጣ የሚያደርገው ሰው ስም ይግባበት። ሁለተኛ መጋዘን ዱከም ያላችሁም አትርሱት፤ በአንድ ሌሊት ስንዴ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

የናሙናው ደብዳቤ ጠረጴዛችሁ ላይ አለ። የኃላፊነቱን ገጽ ገልጣችሁ ያልገባችሁን አስምሩበት፤ ጥያቄውን ከዚያ እንጀምር። አመሰግናለሁ።