ከ10,000 ዶላሩ ውስጥ 43ቱ የት ቀረ?

የተከበራችሁ አስመጪዎችና የሒሳብ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከሰንጋ ተራ ባንኮች በአንዱ በኩል ጓንዡ ላለ አቅራቢ 10,000 ዶላር በቲቲ ተልኳል እንበል። አቅራቢው ግን «የደረሰኝ 9,957 ነው፤ ቀሪው ካልተሟላ ዕቃው አይጫንም» ብሎ ይጽፋል። ላኪው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ባንክ ነው። ባንኩ ግን ኮሚሽኑንና የስዊፍት ክፍያውን በብር ለብቻው ወስዷል፤ ዶላሩን አልነካም። እንግዲህ 43ቱን ዶላር መንገዱ ላይ እንፈልገው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው፤ ታሪፉ ከባንክ ባንክ ይለያያል።

ከአዲስ አበባ የሚወጣው መልእክት ነው። ስዊፍት መልእክት ያደርሳል እንጂ ገንዘብ አይዝም። ዶላሩ የሚንቀሳቀሰው ኒውዮርክ ውስጥ ነው። የእናንተ ባንክ እዚያ ባለ ኮረስፖንደንት ባንክ ዘንድ የዶላር ሒሳብ አለው፤ ኖስትሮ የምንለው እሱ ነው። መልእክቱ ሲደርስ ኮረስፖንደንቱ ከዚህ ሒሳብ ላይ 10,000 ይቀንሳል። የጓንዡ ባንክ ሒሳብ እሱ ዘንድ ቢሆን ኖሮ እዚያው አዛውሮ ይጨርስ ነበር። የቻይናው ባንክ ሒሳብ ግን ሌላ የአሜሪካ ባንክ ዘንድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው 18 ዶላር ይቆርጥና 9,982 ወደ ሁለተኛው ያሻግራል። ሁለተኛው 15 ቆርጦ 9,967 ለጓንዡ ባንክ ያስገባል። የጓንዡ ባንክ ደግሞ ለገቢ ሐዋላ 10 ወስዶ የቀረውን ለደንበኛው ይሰጣል።

ለምን ከራሱ ከገንዘቡ ላይ? ምክንያቱም መሀል ያለው ባንክ እናንተን አያውቅም፤ ደረሰኝ የሚልክበት አድራሻም፣ የሚቀንስበት የእናንተ ሒሳብም የለውም። በእጁ ያለው የሚያልፈው ገንዘብ ብቻ ነው። ሥራው ግን ወጪ አለው፦ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ያመሳክራል፣ አጠራጣሪውን በሰው ያስመረምራል። ይህ ድካም ለ500 ዶላርም ለ50,000 ዶላርም ያው ስለሆነ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ቁርጥ ነው። ትንንሽ ክፍያን ከፋፍሎ መላክ የሚጎዳውም ለዚሁ ነው።

ቆረጣው እንዲህ እንዲሄድ የፈቀደችው ግን ቅጹ ላይ ያለች አንዲት ምርጫ ናት። ብዙ ሰው ሳያያት ይፈርማል። `SHA` ከተባለ የእዚህን ባንክ ክፍያ ላኪው፣ የቀሪውን መንገድ ተቀባዩ ይሸከማል፤ የእኛ ምሳሌም ይኸው ነው። `BEN` ሁሉንም በተቀባዩ ላይ ይጥላል። `OUR` ሁሉንም ላኪው እንዲከፍል ያዛል፤ ባንካችሁ ከፍ ያለ ክፍያ ቀድሞ ይወስድና ኮረስፖንደንቶቹ ሒሳባቸውን ከእሱ ይጠይቃሉ። በአዲሱ የመልእክት ዓይነት፣ በ`pacs.008`፣ እነዚሁ `SHAR`፣ `CRED` እና `DEBT` ተብለው ይታያሉ።

`OUR` ይሻላል ስንል ግን ሙሉ ዋስትና ነው ማለታችን አይደለም። ሁለተኛው የአሜሪካ ባንክ ትእዛዙን ሳያከብር የሚቆርጥበት ጊዜ አለ፤ የተቀባዩ ባንክም የራሱን የገቢ ክፍያ ከደንበኛው ሊወስድ ይችላል። ሙሉ ገንዘብ ካልደረሰው ዕቃ ለማይጭን አቅራቢ ግን `OUR` ይመረጣል። ለ43 ዶላር ሌላ ማመልከቻና ሌላ ቲቲ መክፈት፣ ከዚያም እሱ ራሱ በመንገድ ሲቆረጥ ማየት፣ ከክፍያው ልዩነት በላይ ያስወጣል።

ማን ስንት እንደቆረጠ በግምት አትናገሩ። አቅራቢው ከባንኩ የገቢ መልእክቱን ኮፒ ይጠይቅ። በቀድሞው `MT103` ላይ መስመር `33B` መጀመሪያ የታዘዘውን 10,000 ያሳያል፣ `32A` ለባንኩ የደረሰውን 9,967፣ `71F` ደግሞ በየደረጃው የተቆረጠውን 18 እና 15። በ`pacs.008` እነዚህ በ`InstdAmt`፣ በ`IntrBkSttlmAmt` እና በ`ChrgsInf` ሥር ናቸው። በመልእክቱ ላይ የማይታየውን 10 ዶላር የወሰደው የአቅራቢው የራሱ ባንክ ነው፤ ያንን ከባንኩ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ገንዘቡ ጭራሽ ካልደረሰ ባንካችሁ `UETR` የሚባለውን 36 ምልክት ያለው መለያ ይዞ የት እንደቆመ ይከታተላል፤ ቁጥሩን ከስዊፍት ኮፒው ላይ ቀድማችሁ ያዙት።

ከቆረጣም የከፋው ተመላሽ ነው። የተቀባዩ ስም ከሒሳቡ ስም ጋር ካልገጠመ ወይም የሒሳብ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ከጎደለው፣ የጓንዡ ባንክ 9,967ቱን ወደኋላ ይልካል። መንገዱ ያው ስለሆነ በመመለሻውም ሊቆረጥ ይችላል፤ በመሄጃው የተቆረጠው 33 ዶላር ደግሞ አብሮ አይመለስም። ስለዚህ የአቅራቢውን ስም ከፕሮፎርማው ርእስ ላይ ሳይሆን ከባንክ ዝርዝሩ ላይ ፊደል በፊደል ቅዱ፤ የንግድ ምልክቱና የሒሳቡ ስም ብዙ ጊዜ ይለያያሉ።