የእማማን ዓይን ክፈትልን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ድምፄ ሻከር ካለባችሁ የደብረ ብርሃንን ብርድ ውቀሱልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሠርቼ ያስረከብኩት አንድ የሠርግ ፎቶ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። እሱን ላውራችሁ።

ፎቶው የተነሣው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ግቢ ነው፣ የመልስ ዕለት። 18 ሰው አለ። ከኋላ የድንጋይ ቤት፣ መሐል ላይ ሙሽሮቹ፣ ከፊት አግዳሚ ላይ የሙሽራዋ አያት። ትንሽዬ የልጅ ልጃቸው በግራ በኩል ትከሻቸውን ተደግፎ ቆሟል። ከተነሡት ፍሬሞች አንዱ ላይ ሁሉም ሰው አምሮበታል። አያትየው ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የሙሽራዋ ወንድም ፎቶዎቹን እንዳየ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ የእማማን ዓይን ክፈትልን። እንዲህማ ሲታዩ በተክሊሉ ማግስት እንቅልፍ የጣላቸው ነው የሚመስሉት።»

ይህ ጥያቄ ለፎቶ አንሺ አዲስ አይደለም። ሰው በብዛት ሲቆም አንድ ዓይን መጨፈኑ አይቀርም። ሰው በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል፤ አንዷ ርግብግብታ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ እስከ አራት አሥረኛ ትወስዳለች። ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ የሚባሉ አውስትራሊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ይህን ቁጭ ብለው አስልተውት በ2006 እ.ኤ.አ. የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ኢግ ኖቤል መጀመሪያ የሚያስቀውን፣ ቀጥሎ የሚያሳስበውን ጥናት የሚሸልም ነው። ቀመራቸው ቀላል ነው። ሰዉ ከ20 በታች ከሆነ፣ ብርሃን ጥሩ ሲሆን ቁጥሩን ለሦስት አካፍል፣ ብርሃን ሲያንስ ለሁለት። ያን ያህል ጊዜ ካነሣህ አንዱ ፎቶ ላይ ሁሉም ዓይን ክፍት የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለእኛ 18 ሰው በቀን ብርሃን ስድስት ፎቶ ማለት ነው።

ግን ስድስቱ በአንድ ትንፋሽ ከተነሡ ዋጋ የላቸውም። ካሜራው በሰከንድ አሥር ፍሬም የሚተኩስ ከሆነ፣ ሦስቱ አራቱ በአንዲት ርግብግብታ ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ በየመሐሉ አንድ ሁለት ሰከንድ ይተዋል። ደግሞ የእኛን አገር ፀሐይ አትርሱ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ከቆመ ዓይኑን አያርገበግብም፣ ያጠበዋል። የጠበበ ዓይን ደግሞ በሁሉም ፍሬም ላይ ጠባብ ነው፤ ከሌላ ፍሬም የምትበደረው ክፍት ዓይን አይገኝም። መድኃኒቱ ሰዎቹን ፀሐይ ከጀርባቸው ወይም ከጎናቸው እንድትሆን አድርጎ ማቆም ነው፣ እሱም ከመነሣቱ በፊት።

እማማ ግን ያርገበገቡ ነበር እንጂ ያጠበቡ አልነበሩም። ስለዚህ ተስፋ ነበረው። ሌሎቹን ፍሬሞች ዘርግቼ ዓይን የሚሰጠኝን መፈለግ ጀመርኩ። ዓይናቸው የተከፈተባቸው ሁለት አገኘሁ። በአንደኛው ካሜራውን በቀጥታ ያያሉ፣ ግን ጭንቅላታቸው ወደ ቀኝ ዞሯል። በሁለተኛው የጭንቅላታቸው አቀማመጥ ከዋናው ፎቶ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ዓይናቸው ግን ወደ ግራ ሄዷል። ልጁን እያዩት ነው።

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ካሜራውን ያያሉ፣ በቃ። ችግሩ ግን ብሌኑ በዓይን ውስጥ የሚቀመጥበት ቦታ በጭንቅላቱ አቅጣጫ ይወሰናል። ፊቱ ወደ ቀኝ የዞረ ሰው ካሜራውን ሲያይ ብሌኑ ወደ ግራ ይጠጋል። ያንን ዓይን ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ፊት ላይ ብትለጥፈው ሰውየው በጎን የሚገላምጥ ይሆናል። ከዚያም በላይ የዞረ ፊት ላይ አንደኛው ዓይን ከሌላው አነስ ብሎ ይታያል፤ ያም አብሮ ይመጣል። ጠምዝዞ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ጥምዝምዙ ቆዳ ላይ ይታወቃል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ልጁን የሚያዩበትን። ይህ የሚያዋጣው ልጁ በዋናው ፎቶም እዚያው ቦታው ላይ ስለቆመ ነው። ሄዶ ቢሆን ኖሮ እማማ ባዶ ቦታ ላይ ፈዝዘው የቀሩ ይመስሉ ነበር። ደግሞ ልጁ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አይሆንም። ወደ ታች የሚያይ ሰው የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፤ ፎቶው ሲያንስ ያው የተጨፈነ ነው የሚመስለው። ልጁ ከትከሻቸው እኩል በመቆሙ ዓይናቸው ወደ ጎን ብቻ ነው የሄደው።

አሁን ወደ ሥራው። የምሠራው በፎቶሾፕ ነው። ከሁለተኛው ፍሬም ላይ ሁለቱንም ዓይን አንድ ላይ ቆርጬ ዋናው ፎቶ ላይ እንደ አዲስ ሌየር፣ ማለትም ከላዩ እንደሚነጠፍ ንብርብር፣ አስቀመጥኩ። ሁለቱን አንድ ላይ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ በአንድ ከተወሰዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይዛባል። የአንድ ሚሊሜትር መዛባት እንኳ ዓይንን ሸውራራ ያደርጋል። ቁራጩ ደግሞ ሰፋ ማለት አለበት። ዓይን ሲከፈት የዓይን ቆብ ብቻ አይደለም የሚነሣው። ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ከሥር ያለው ቆዳ ይሳባል፣ በጎን ያለው ሽብሽብ ይለወጣል። ስለዚህ ከቅንድብ በላይ ጀምሮ እስከ ጉንጭ መነሻ ድረስ ነው የሚወሰደው። የዓይኑን ቀዳዳ ብቻ ቆርጦ መለጠፍ ሰውን ጭንብል ያጠለቀ ያስመስለዋል።

ከዚያ የላይኛው ሌየር ከሥሩ ያለውን እንዲያሳይ Opacity የሚባለውን ወደ 50% አወርድና ሁለቱ ፊቶች ተደራርበው ይታዩኛል። ጥያቄው በምን ላይ ተመርኩዞ ይገጣጠም ነው። አንደኛው ዓይን ዝግ፣ ሌላው ክፍት ስለሆነ በዓይኑ መግጠም አይቻልም። እማማ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለቻቸው። ጥርት ያለች ናት፣ ምልክት ልትሆን የተፈጠረች ትመስላለች። ታሳስታለች ግን! የግንባር ቆዳ ከቅንድብ ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። ዓይን ሲከፈት ንቅሳቷም አብራ ከፍ ትላለች። በእሷ ከገጠምክ ዓይኖቹ ያለቦታቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። የማይንቀሳቀሰው የአፍንጫ አጥንትና በአፍንጫ በኩል ያሉት የዓይን ጥጎች ናቸው። በእነሱ ነው የገጠምኩት፤ ትንሽ ማዞርና በጣም ጥቂት ማሳነስ ብቻ ነበር የፈለገው።

ቀጥሎ ማስክ ነው፣ ከሌየሩ የማልፈልገውን የሚደብቅልኝ መሸፈኛ። ሌየሩን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ማስክ እሸፍንና ጠርዙ በለሰለሰ ነጭ ብሩሽ የምፈልገውን ቦታ ብቻ ቀስ እያልኩ አወጣለሁ። እዚህ ንቅሳቷ እንደገና መጣች። የማስኩ ጠርዝ በእሷ ላይ ካለፈ ሁለት መስቀል ይሆናል፣ አንዱ ደማቅ አንዱ ደብዛዛ። ስለዚህ ጠርዙን ከቅንድቡ በላይ፣ ከንቅሳቷ በታች ባለችው ጠባብ ቆዳ ላይ አሳለፍኩት። የነጠላው ጥለትም እንዲሁ ነው። ነፋስ ስለነበር ነጠላው በሁለቱ ፍሬሞች ላይ አንድ ቦታ አይደለም። ከነጠላው ጫፍ ምንም አልወሰድኩም።

ሁለተኛው ፍሬም ሲነሣ ደመና አልፎ ስለነበር ቁራጩ ጠቆር ያለ ነበር። Curves በሚባለው የብርሃን ማስተካከያ ትንሽ አበራሁት። ይህን ሳደርግ ዓይኑን አላይም፣ የማየው ጉንጩን ነው። የቁራጩ ቆዳና የዋናው ፎቶ ቆዳ ሲመሳሰሉ ዓይኑም ትክክል ነው። የዓይናቸው ነጩ ክፍል ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ እንደ ዕድሜያቸው ነው። ማንጣት ያምረኛል፣ እውነት ለመናገር። ግን የ80 ዓመት ፊት ላይ የሕፃን ዓይን ስታዩ ምን እንደሆነ ባታውቁትም ያስደነግጣችኋል።

ሲያልቅ ፎቶውን በአግድም ገልብጬ አያለሁ። ዓይኔ የለመደውን ስህተት መገልበጡ ያጋልጠዋል። ከዚያ በሚታተምበት መጠን አየዋለሁ፤ የእነሱ ለግድግዳ 30 በ40 ሴንቲሜትር ነበር። 300% አጉልቶ ሽፋሽፍት መቁጠር ለማንም አይጠቅምም፣ ሌሊቱን መብላት ነው።

እንግዲህ ሐሳብ ውስጥ የከተተኝ ይህ ነው። ሙሽሮቹ የሳቁባት ቅጽበትና እማማ ልጁን ያዩባት ቅጽበት በጥቂት ሰከንድ ይለያያሉ። አንድ ላይ ሆነው አያውቁም። ጋዜጠኛ ብሆን ይህን ማድረግ አልችልም። የዜና ፎቶ ላይ መጨመርም መቀነስም ክልክል ነው፣ ከሥራ ያስባርራል። የቤተሰብ ፎቶ ግን ሌላ ውል ያለው ይመስለኛል። ቤተሰቡ የሚፈልገው «በዚያ ሰከንድ ምን ሆነ» የሚለውን አይደለም። «ያን ቀን እነማን ነበርን» የሚለውን ነው። እማማ ያን ቀን ዓይናቸውን ገልጠው ልጁን አይተዋል። የሰጠኋቸው የራሳቸውን እይታ ነው።

ለዚህም ነው ወሰኔ እዚያ ላይ የሆነው። ያው ቀን፣ ያው ቦታ፣ ያው አቋቋም። ከሌላ ዓመት ፎቶ ዓይን አምጣ ሲሉኝ እምቢ እላለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ አንደኛው ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ፎቶ አምጥተው፣ ደህናውን ዓይን ገልብጠህ በሌላው በኩል አድርግልን አሉኝ። በሥራም አያምርም። ከፀሐይ የሚመጣው የብርሃን ነጥብ በሁለቱም ዓይን ላይ በአንድ በኩል ነው መሆን ያለበት። ሲገለበጥ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይሆናል፣ ብሌኖቹም ወይ ወደ አፍንጫ ይሰበሰባሉ ወይ ይራራቃሉ። ግን ዋናው እሱ አይደለም። «ጋሼ ራሳቸው ይህን ጠይቀዋል?» አልኳቸው። ተያዩ። አልጠየቁም። ጠይቃችሁ ተመለሱ ብዬ ላክኋቸው፣ በዚያው ቀሩ።

የእማማን ፎቶ ግን አስረክቤያለሁ፣ ያልተነካውንም ጨምሬ። የሙሽራዋ ወንድም አገላብጦ አየና ደስ አለው። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ምልህ፣ በዚያው የአጎቴን ቦርጭ ብትቀንስልን?» አለኝ። ፍሬሞቹን በሙሉ አሳየሁት። በሁሉም ላይ ያው ነው።