የኦንላይን ሱቁ ትዕዛዝ ቁጥር ወርዶ ማንቂያው ለምን ዝም አለ?

[ግራፉ ላይ መስመሩ ድንገት ቁልቁል ሲወርድ]

ድረ ገጹ ይከፈታል፣ ሰርቨሩም ደህና ነው፤ ግን ደንበኛው "ክፈል" የሚለውን ሲነካ ምንም አይመጣም። እንዲህ ያለው ብልሽት አንዳንዴ የትም አይመዘገብም። የሚያሳብቅበት የትዕዛዙ ቁጥር ብቻ ነው። ታዲያ ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው "ወረደ" የምንለው?

ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ያለውን ብቻ እንያዝ። ባለፉት 7 ቀናት በዚህችው ሰዓት የገባው ይኸው፦

[ስክሪን ላይ፦ 118፣ 124፣ 121፣ 115፣ 127፣ 119፣ 116]

አማካዩ 120 ነው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ደግሞ 4፤ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል ወዲያ ወዲህ እንደሚሉ የሚነግረን እሱ ነው። የ4ን ሦስት እጥፍ ከ120 ስንቀንስ 108 ይመጣል። ከዚያ በታች ከወረደ ማንቂያው ይጩህ። በየቀኑ አሮጌውን ቁጥር ጥለን አዲሱን ስለምናስገባ እንዲህ ያለው አማካይ ተንቀሳቃሽ አማካይ ይባላል።

ዛሬ 71 ገባ። ይጮኻል፣ አይደል?

ላይጮኽም ይችላል። ብዙ ሰው ዛሬን ራሱን ከ7ቱ ቀናት አንዱ አድርጎ ያስላል፣ ይሄ ደግሞ ተከሳሹን ዳኛ ማድረግ ነው። 118 ወጥቶ 71 ሲገባ አማካዩ ወደ 113 ይወርዳል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን ከ4 ተነስቶ ወደ 18 ይጠጋል፤ የታችኛው መስመር 60 አካባቢ ይሆናል። 71 ከላይ ሆኖ በሰላም ያልፋል። የሚገርመው ዜሮ ቢገባም ያው ነው፦ ከ7 ቁጥሮች አንዱ ከራሳቸው አማካይ ከ2.45 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ሊርቅ አይችልም፣ ሒሳቡ አይፈቅድም። በሦስት እጥፍ የተሠራ ማንቂያ እንግዲህ እድሜ ልኩን አይጮኽም።

መፍትሔው ዛሬን ከስሌቱ ማስወጣት ነው። `s` የዚያች ሰዓት ቁጥሮች በየቀኑ የተደረደሩበት የpandas Series ከሆነ፦

```python
p = s.shift(1).rolling(7)
alert = s < p.mean() - 3 * p.std(ddof=0)
```

ሥራውን የሚሠራው ቁጥሮቹን በአንድ ቀን ወደፊት የሚገፋው `shift(1)` ነው። እሱን ረስቶ "ማንቂያው አይሠራም" የሚል ሰው አያልቅም።

አንድ ነገር ይቀራል። 71 ነገ "ያለፈ ቀን" ሆኖ ይገባል፣ መስመሩንም ለአንድ ሳምንት ያወርደዋል። በዚያ መሀል ሌላ ብልሽት ቢመጣ ላታዩት ትችላላችሁ። ስለዚህ የተበላሸውን ቀን ለስሌቱ ብቻ በ120 ተኩት፣ ዋናውን መዝገብ ግን አትንኩት።

ቅዳሜና እሁድ ገበያው የተለየ ከሆነ ደግሞ ያለፉትን 7 ቅዳሜዎች ከቅዳሜ ጋር አወዳድሩ። ሌሊት ላይም ተጠንቀቁ፦ አማካዩ 3፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2 ከሆነ መስመሩ ከዜሮ በታች ይገባል፣ ትዕዛዝ ደግሞ ከዜሮ በታች አይወርድም። እዚያ ሰዓት በሰዓት መቁጠሩን ትታችሁ ሌሊቱን በሙሉ ባንድ ላይ ደምሩት።