የእጅ ኤክስሬይና የአጥንት ዕድሜ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ወንድሜ ጀርመን ጥገኝነት ጠይቋል። 16 ዓመቴ ነው ቢልም የእጁን ኤክስሬይ አንስተው የአጥንት ዕድሜው 19 ነው አሉት። አጥንት እንዲህ ልቅም አድርጎ ዕድሜ ይናገራል?»

አይናገርም፣ እህታችን። የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ግራ እጅ ነው፤ ጣቶቹ፣ መዳፉ፣ አንጓውና የክንዱ ጫፍ አብረው ይታያሉ። በሚያድግ ልጅ የጣት አጥንቶች ጫፍ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ አጥንቱ የሚረዝምበት ልስልስ ክፍል ነው። ዕድገት ሲያበቃ መስመሩ ይጠፋና አጥንቱ ይገጥማል። መጀመሪያ የጣት ጫፎች ይገጥማሉ፤ መጨረሻ ላይ ራዲየስ የሚባለው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ይከተላል። ሐኪሙ ፎቶውን የየዕድሜውን የእጅ ኤክስሬይ ከያዘው መጽሐፍ፣ ከግሮይሊችና ፓይል አትላስ ምስሎች ጋር እያስተያየ በጣም የሚመስለውን ይመርጣል።

አትላሱ የተሠራው በ1930ዎቹና በ40ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦሃዮ ውስጥ ከኖሩ ኑሯቸው የተደላደለ ነጭ ልጆች ነው። የወንዶቹ የመጨረሻ ምስል ደግሞ የ19 ዓመት ነው። ራዲየሱ የገጠመ ሁሉ፣ 17 ይሁን 30፣ የሚመስለው ይህንኑ ገጽ ነው። ስለዚህ «19» ማለት «እጁ አድጎ ጨርሷል» ማለት እንጂ ዕድሜው ተለካ ማለት አይደለም።

ከዚያ በፊት ባሉት ገጾችም ቢሆን፣ በጉርምስና ዕድሜ ጤነኛ ልጆች ከአማካዩ በአንድ ዓመት ገደማ መራቃቸው የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹን ለማካተት ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ዓመት መተው ያስፈልጋል። ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ አጥንቱ ይቀድማል፤ ምግብ ያጣ ወይም ሕመም የቆየበት ይዘገያል። ያው ሐኪም ያንኑ ፎቶ ደግሞ ሲያነብም ወራት ሊለያይ ይችላል።

እጁ ከገጠመ ቀጣዩ የጥርስ ምርመራና ክላቪክል የሚባለው፣ ከትከሻ እስከ ደረት የሚዘልቀው አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ሲቲ ስካን ነው፤ ይህ ጫፍ ዘግይቶ ይገጥማል። ሪፖርቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ «19» ብቻ ከሆነ፣ ዝቅተኛው ሊሆን የሚችለው ዕድሜ ስንት እንደሆነ በጠበቃ በኩል አስጠይቁ። የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲቀየርም ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ስለሆነ፣ በስህተት አንድ ዓመት እንዳልተጨመረበት አረጋግጡ።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ የአጥንት ዕድሜው 7 ዓመት ተኩል ነው ተባልን። ልንደነግጥ ይገባል?»

በዚህ ዕድሜ ጤነኛ ልጆች ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ ልዩነት ከ10 እስከ 11 ወር ገደማ ነው፤ አብዛኞቹን ለማካተት የሚተወው እጥፉ ከ20 ወር በላይ ይሆናል። የ18 ወር መዘግየት ስለዚህ ብቻውን በሽታ አይባልም። ከፎቶው ይልቅ በዓመት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ይመልከቱ፤ በየስድስት ወሩ ያለ ጫማ ለኩት። ፎቶው ከተደገመ ከዓመት በኋላ ይሁን፤ ከተቻለ ያው ሐኪም ያንብበው፤ አለበለዚያ የአንባቢው ልዩነት የልጁን ለውጥ ይሸፍነዋል።